የሰርግ ጥሪ ምላሽ መከታተያ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም። የሰርግ እንግዳ መዝገብ በጉግል ሺትስ መሥራት ላይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። ለዘመድና ለጓደኛ ሰርግ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ብር የሚጠይቅ ነገር የለውም። አንድ የጉግል ፎርም እና ሁለት ገጽ ያለው ሺት ይበቃል። አንደኛውን ገጽ `Cards` በሉት፤ የሚጠሩት ሰዎች እዚያ ይገባሉ። ሁለተኛው `Replies` ነው፤ ፎርሙ መልሱን የሚጥለው እዚያ ነው።

የሙሽሪት እህት፣ አዲስ አበባ፦ ካርዱ ላይ «ከነቤተሰብዎ» ብለን ነው የምንጽፈው። ታዲያ ስንት ሰው ብዬ ልመዝግብ?

እህቴ፣ ይሄ ካልተፈታ ሌላው ሁሉ አይሠራም። «ከነቤተሰብዎ» ለአንዱ ሁለት ሰው ነው፤ ለሌላው ሰባት። ስለዚህ ካርዱ ከመውጣቱ በፊት ከእናትና ከአባት ጋር ቁጭ በሉና ለእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር ስጡ። ካርዱ ላይ ያለውን አክብሮት አትንኩት። ቁጥሩ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ።

`Cards` ላይ አንድ ካርድ አንድ መስመር ይሁን። A ላይ እንደ `K017` ያለ ኮድ፣ B ላይ ስም፣ C ላይ የማን ወገን እንደሆነ፣ D ላይ ስልክ፣ E ላይ የተፈቀደው ወንበር ይግባ። ከF እስከ H ደግሞ የጾም፣ የፍስክ እና የሙስሊም ምግብ የሚበላው ሰው ብዛት ነው። ፎርሙም መጀመሪያ ኮዱን፣ ቀጥሎ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ብቻ ይጠይቃል፤ ሦስቱንም መሙላት ግዴታ አድርጉት። የማይመጣ ሰው ሦስቱንም 0 ይሞላል።

ኮድ ጻፊ፦ ይሄ ስህተት ይመስለኛል። ተጨማሪ እንግዳ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል፤ አንድ ሰው አንድ መስመር። አለበለዚያ ማን ምን እንደሚበላ አይታወቅም።

ምግቡ በሰሃን ለየወንበሩ የሚቀርብ ከሆነ ልክ ነህ። አስተናጋጁ የማን ሰሃን የት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት፤ ስም ያስፈልጋል። አዳራሽ ውስጥ ቡፌ ከሆነ ግን ምግብ አቅራቢው የሚጠይቅህ የእያንዳንዱን የምግብ ዓይነት ብዛት ነው። አንድ አባወራ ፎርም ላይ የስድስት ልጅ ስም እንዲጽፍ ብትጠይቀው ግማሽ ላይ ትቶት ይወጣል። ያልመጣ መልስ ደግሞ ከጎደለ ስም ይብሳል። ስለዚህ ለቡፌ ቁጥር፣ ለሰሃን ስም።

ኮድ ጻፊ፦ ቁጥር ብቻ ከያዝን የወንበር ድልድሉ ላይ መቸገራችን አይቀርም ባይ ነኝ።

ለክብር ጠረጴዛዎቹ እውነትህን ነው። እነሱን ለብቻ በስም ያዛቸው።

ሚዜ ነኝ፣ ቨርጂኒያ፦ ሰው ዛሬ ሁለት ነን ይላል፤ ነገ አራት። ሺቱ ላይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። አሮጌውን ልሰርዝ?

አትሰርዝ። `Replies` ላይ ማንም እጁን ባያገባ ጥሩ ነው፤ መዝገቡ እንደመጣ ይቆይ። `Cards` የመጨረሻውን መልስ ብቻ ያንብብ። F2 ላይ ይሄን ጻፍና ወደ ቀኝ እስከ H፣ ከዚያ ወደ ታች ጎትተው፦

```
=XLOOKUP($A2, Replies!$B:$B, Replies!C:C, "", 0, -1)
```

መጨረሻ ላይ ያለው `-1` ከታች ወደ ላይ ፈልግ ማለት ነው። ፎርሙ አዲስ መልስ ሁልጊዜ ከታች ስለሚጨምር፣ ቀድሞ የሚገኘው የቅርቡ ነው። እንዲህ እንዲሠራ ግን `Replies` ላይ A ሰዓቱን፣ B ኮዱን፣ ከC እስከ E ሦስቱን ቁጥሮች መያዝ አለበት።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው `Replies`ን በስም ወይም በሌላ ነገር ማስደርደር ነው። ያኔ የታችኛው መልስ የቅርቡ መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛው ፎርሙ ላይ መልስን አርሞ መላክ መፍቀድ ነው። የታረመ መልስ አዲስ መስመር አይከፍትም፤ አሮጌው መስመር ላይ ይጻፋል። ያ ሰው ሌላ መልስም ከላከ ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል። ማረሚያውን አጥፋውና ሐሳቡን የቀየረ ሰው ፎርሙን እንደገና ይሙላ።

ቀጥሎ I2 ላይ ሁኔታውን አስነብበው፦

```
=IF(F2="","ዝም",IF(SUM(F2:H2)>E2,"በልጧል",
 IF(SUM(F2:H2)=0,"አይመጡም","ይመጣሉ")))
```

«ዝም» እና «አይመጡም» መለየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ባዶ ማለት አልመለሰም፤ 0 ማለት ቀርቷል። ሁለቱን አንድ ላይ የደመረ ሰው ምግብ ያንሰዋል።

የሙሽራው እናት፣ ሐዋሳ፦ ልጄ፣ እኔ ቴሌግራም ላይ ያለውን ማስፈንጠሪያ አልሞላም። እኩዮቼም አይሞሉም። ደውለው ነው የሚነግሩኝ። በዚያ ላይ አጎቱ ሁለት ካርድ ደርሶታል፤ አንድ ከእኛ፣ አንድ ከሙሽሪት ቤት።

እማማ፣ እርስዎ መሙላት የለብዎትም። ደዋዩ የነገርዎትን ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ እሱ በደዋዩ ካርድ ኮድ ፎርሙን ይሙላላቸው። ሺቱ ላይ በቀጥታ አይጻፍ። F ላይ በእጅ ቁጥር ከተጻፈ ቀመሩ ይጠፋል። ሰውየው በሳምንቱ ሐሳቡን ቢቀይር አዲሱ መልስ አይታይም፤ ማንም ሳያውቀው አሮጌው ቁጥር እዚያው ይቆያል።

የአጎቱን ጉዳይ ስልካቸው ይፈታዋል። ስም አይረዳም፤ አንዱ ቤት «ፀሐይ»፣ ሌላው ቤት «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል። ስልክም ቢሆን አንዱ በ09፣ ሌላው በ+251 ይጀምራል፤ ሺቱ ራሱ ፊት ያለውን 0 የሚያጠፋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ልጆቹ በJ2 የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ቁጥሮች ብቻ ያውጡ፦

```
=RIGHT(REGEXREPLACE(TO_TEXT(D2),"\D",""),9)
```

J ላይ ሁለት ጊዜ የመጣ ቁጥር አንድ ሰው ነው። አንዱ ካርድ ወንበሩ 0 ይደረግና መልሱ በሌላው ይገባል። ይሄ ለኢትዮጵያ ስልክ ነው። ለአሜሪካ ቁጥር 9ኙን 10 ያድርጉት።

የሙሽሪት እህት፦ ኮዱን ሰው ራሱ እንዲጽፍ ነው የምንጠይቀው? ይሳሳታል እኮ።

አይጽፍም። ፎርሙ ላይ ቀድሞ የተሞላ ማስፈንጠሪያ የሚያወጣ ምርጫ አለ፤ `Pre-fill form` ወይም `Get pre-filled link` ይላል። ኮዱ ቦታ ላይ አንዱን ኮድ ሞልተሽ አውጪው። መጨረሻው እንደ `entry.1234567=K017` ያለ ይሆናል። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለውን ብቻ ለየካርዱ ቀይሪ። ሰው ኮዱን ነክቶ ሊያበላሸው ይችላል፤ ከጥያቄው ሥር «ይህን አይንኩ» ብለሽ ጻፊ።

ድግስ ያየ፦ ይሄ ሁሉ ለምን? ሃምሳ ሰሃን ትርፍ ማዘዝ ነው። እኛ ቤት እንደዚያ አድርገን አልጎደለም።

ጥያቄው ስለ መመዝገቢያው ነው፤ ግን ያነሳኸው ነገር ቦታ አለው። ትርፍ ማዘዝ ጥሩ ነው። ሃምሳው ለማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን የፍስኩ ተርፎ የሙስሊሙ ሊያልቅ ይችላል። ትርፉ «ዝም» ያሉትን አይቶ ይወሰን።

በቁጥር እንየው። 120 ካርድ ወጣ፤ ጠቅላላው ወንበር 310 ነው እንበል። በቀነ ገደቡ 214 ሰው እንመጣለን አለ፤ 38 ወንበር ተለቀቀ፤ 58 ዝም አለ። ምግብ አቅራቢው ያን ቀን ቢጠይቅ መልሱ ከ214 እስከ 272 ነው። ክፍተቱ ሰፊ ነው። ዝም ላሉት ተደወለ። ከ58ቱ 31 ይመጣሉ፤ 12 ይቀራሉ፤ 15 ስልክ አላነሱም። አሁን ከ245 እስከ 260 ሆነ። ያንተ ትርፍ የሚያስፈልገው ለእነዚህ 15 ነው፤ ሳይጠራ ለሚመጣው ደግሞ ጥቂት ትጨምራለህ። የማን ካርድ እንደሆነም ስለምታውቅ ምን እንደሚበሉ መገመት ትችላለህ።

ወንድም፣ አዲስ አበባ፦ ሰርጋችን ጥር 17 ነው፤ እሑድ። ቀነ ገደቡን መቼ ላድርግ? ዘግይቶ የሚመጣውን መልስስ?

ሦስት ቀን ያስፈልግሃል። እንግዳ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ጥር 2 በል፤ ገና አልፏል፣ ሰው ከክፍለ ሀገር ተመልሷል። ከጥር 3 እስከ 7 «ዝም» ላሉት ደውሉ። ጥር 8 ቁጥሩን ለምግብ አቅራቢው ስጡ። ከዚያ አታሳልፈው፤ ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት ነው፤ ስልክ የሚያነሳልህ አታገኝም።

ቁጥሩን በሰጠህበት ቀን ከF እስከ H ያለውን ገልብጠህ `Sent` በሚባል ሌላ ገጽ ለጥፈው። ስትለጥፍ ዋጋው ብቻ ይሂድ፤ `Values only` የሚለውን ተጠቀም። ቀመሩ አብሮ ከሄደ ያኛውም ገጽ መለወጡን ይቀጥላል፤ ምን ብለህ እንደሰጠህ ይጠፋብሃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መልስ `Cards` ላይ ይገባል፤ `Sent` አይንቀሳቀስም። የሁለቱ ልዩነት ዘግይቶ የመጣው ሰው ነው። ለአቅራቢው የምትደውለው ያንን ልዩነት ይዘህ ነው። ብዙዎቹ መጨመርን ይቀበላሉ፤ መቀነስን አይቀበሉም። እስከ መቼ እንደሆነ ውሉ ላይ አጽፍ።

ሺቱን መጀመሪያ የፈጠረው አሜሪካ ያለ ዘመድ ከሆነ `Settings` ውስጥ `Time zone`ን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይረው። አለበለዚያ ጥር 3 ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የገባ መልስ የጥር 2 ሆኖ ይታይሃል።

ሚዜ ነኝ፣ ቨርጂኒያ፦ የእኛ ኦገስት 15፣ 2026 ነው። የሙሽሪት ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ እንግዳው ግን ግማሹ ኦርቶዶክስ። ምርጫውን በግንቦት ብንሰበስብ ይሻላል ወይስ በኋላ?

ቀኑ ነሐሴ 9 ነው፤ ፍልሰታ ውስጥ። በግንቦት ፎርም የሚሞላ ሰው ስለ ፍልሰታ አያስብም። የሚወደውን «ፍስክ» ይመርጣል። በዕለቱ ግን ጾመኛ ነው። ምግቡ በሰሃን ከሆነ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሥጋውን ሳይነካ ይቀመጣል፤ የጾሙም ያልቃል። እኔ ብሆን ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ጥያቄው ላይ «ዕለቱ ፍልሰታ ውስጥ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ በሐምሌ አጋማሽ ማስፈንጠሪያውን «ፍስክ» ላሉት ብቻ እንደገና እልካለሁ። የመጨረሻው መልስ ስለሚነበብ ያለ ምንም ሥራ ይስተካከላል።

የሙሽሪት እህት፦ «በልጧል» የሚለው ሲመጣስ? አራት ፈቅደን ስድስት ብለው መለሱ።

ሺቱ ያሳይሻል እንጂ አይወስንልሽም። ካርዱን የሰጠው ሰው ራሱ ይደውል፤ አባትሽ የጠሩትን አንቺ አትደውዪ። ከተፈቀደላቸው E ላይ ያለውን ቁጥር ወደ 6 ቀይሪው፤ ምልክቱ ይጠፋል። ካልተፈቀደ በአዲሱ ቁጥር ፎርሙ እንደገና ይሞላ።

ድግስ ያየ፦ ሕፃናትስ ወንበር ይቆጠርላቸዋል?

አቅራቢው ልጅን እንዴት እንደሚያስከፍል ይወስነዋል። በግማሽ ዋጋ ከሆነ ፎርሙ ላይ አራተኛ ቁጥር ጨምሩ፤ ቀመሩ ውስጥ `F2:H2` ያለው ሁሉ አንድ ዓምድ ይሰፋል፤ ሁኔታውና ስልኩም ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ሙሉ ከሆነ ለየብቻ መቁጠሩ ጥቅም የለውም። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ጭን ላይ የሚቀመጠውን ልጅ ግን እስካሁን ቤተሰብ ሁሉ በየራሱ ነው የሚቆጥረው።