በግል ፈቃድ ልቀጥል ወይስ ፒኤልሲ ላቋቁም? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ለዓመታት የነጋዴ ሒሳብ ስሠራ ቆይቻለሁ። ነጋዴው ሁሉ የሚጠይቀኝ በግል ፈቃድ ስለመቆየት ወይም ፒኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ስለማቋቋም ነው። ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ነጋዴዎች ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ።

የብሎኬት አምራች፣ ደብረ ብርሃን፦ «ሽያጬ ከ2 ሚሊዮን አልፏል። ወጪ ተቀንሶ 600 ሺህ ብር ተርፎኛል። ፒኤልሲ 30 በመቶ ነው የሚከፍለው፣ እኔ 35። ብቀይር አይሻለኝም?»

ወንድሜ፣ 35 በመቶው በሙሉ ትርፍህ ላይ አይደለም። በ2017 በተሻሻለው ሕግ የግል ነጋዴ የመጀመሪያው 24 ሺህ ብር ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ እያደገ ሄዶ 35 የሚደርሰው ከ168 ሺህ በላይ ባለው ላይ ነው። ያንተ ግብር ተሰልቶ 185,400 ብር ይመጣል። ቀሪው ኪስህ ገባ፣ አለቀ።

ፒኤልሲ ብትሆን ድርጅቱ 180 ሺህ ይከፍላል። እስካሁን ያነሰ ይመስላል። ግን ቀሪው 420 ሺህ የድርጅቱ እንጂ ያንተ አይደለም። ወደ ራስህ ስታወጣው 15 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ፤ 63 ሺህ ብር። ድምሩ 243 ሺህ ሆነ። ለራስህ በወር 10 ሺህ ብር ደሞዝ ብትቆርጥ እንኳ ጠቅላላው ወደ 214 ሺህ ይወርዳል እንጂ አሁን ከምትከፍለው አያንስም። ለግብር ብለህ ከሆነ አትቀይር።

የሒሳብ ተማሪ፦ «ትርፉን ሳያወጣ ድርጅቱ ውስጥ ቢተወውስ? ያኔ 15 በመቶው የለም።»

ግማሹ ልክ ነው። ዝም ብሎ ባንክ የተቀመጠ ትርፍ፣ የግብር ዓመቱ ካለቀ በ12 ወር ውስጥ ካልተከፋፈለ ወይም ሥራ ላይ ካልዋለ፣ እንደተከፋፈለ ተቆጥሮ ይገበርበታል። ሥራ ላይ ውሏል የሚባለው ደግሞ የካፒታሉ ማደግ በሰነድ ሲረጋገጥ ነው። ማሽን ገዝቶ ቃለ ጉባኤ ያልያዘ፣ የማኅበሩን ሰነድ ያላሻሻለ ሰው በኋላ ይቸገራል።

የአይሱዙ ባለቤት፣ ደብረ ሲና፦ «መኪናዬ በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት እህል ያመላልሳል። አደጋ ቢደርስ ቤቴ ሊሸጥብኝ ነው?»

ይህ ነው ትልቁ ጥያቄ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይይዛል፤ ሾፌሩ አጠፋ አላጠፋ። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ካሳው ከዚያ ካለፈ፣ በግል ፈቃድ የምትሠራ ሰው ሱቅህም ቤትህም አንድ ከረጢት ውስጥ ናቸው። በፒኤልሲ ግን ለማኅበሩ ዕዳ የሚጠየቀው የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ቤትህ ውጭ ይቀራል። ለአንተ ዓይነቱ ሥራ ፒኤልሲ የበለጠ ግብር ቢያስከፍልህም ያዋጣል እላለሁ።

ግን ሊብሬውን አውጥተህ እየው። ፒኤልሲ አቋቁመህ መኪናው አሁንም በስምህ ከሆነ ባለቤቱ አንተ ነህ፤ ማኅበሩ አያድንህም። ስሙ መዛወር አለበት። ብቻህን ከሆንክም ችግር የለም፤ ከ2013ቱ የንግድ ሕግ ወዲህ ባለአንድ አባል ፒኤልሲ ተፈቅዷል። መነሻ ካፒታሉ 15 ሺህ ብር ነው።

የሸቀጥ ነጋዴ፣ መሐል ሜዳ፦ «እኔና ወንድሜ ሁለት ስለሆንን ማኅበር ነን። ሽያጫችን 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። የዱቤ ደብተሬ አይበቃም?»

አባቴ፣ ሁለት ሆኖ መሥራት ብቻውን ፒኤልሲ አያደርግም። ፈቃዱ በእርስዎ ስም ከወጣ ሕጉ የሚያውቀው እርስዎን ነው። ዕዳውም የእርስዎ ነው።

ስለ መዝገቡ፦ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ያልደረሰ የግል ነጋዴ ደረጃ «ለ» ነው። ግብሩ ከሽያጩ ላይ ይሰላል፤ ወጪን በደረሰኝ እየቆጠሩ የማስረዳቱ ጣጣ የለም። ፒኤልሲ ግን ሽያጩ 200 ሺህ ቢሆንም ደረጃ «ሀ» ነው። ሙሉ የሒሳብ መዝገብ፣ ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ፣ ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ። ለልጅ ትምህርት ቤት ከመሳቢያው 5 ሺህ ብር ቢያነሱ እንኳ መመዝገብ አለበት። የድርጅቱንና የቤቱን ገንዘብ የደባለቀ፣ ያ የተመካበት ጥበቃ ፍርድ ቤት ላይ ሊነሳበት ይችላል። እርስዎ ባሉበት ይቆዩ፤ ከወንድምዎ ጋር ግን ድርሻችሁን በጽሑፍ አድርጉት።

የብሎኬቱ አምራች እንደገና፦ «አሸዋ የምገዛው ደረሰኝ ከሌለው ሰው ነው። ምን ላድርግ?»

ፒኤልሲ ብትሆንም ባትሆንም ይህ ወጪ አደጋ ላይ ነው። ያለ ሰነድ የወጣውን 100 ሺህ ኦዲተሩ ትርፍ ነው ካለው፣ በግል ፈቃድህ እንኳ 35 ሺህ ግብር ይጨምርብሃል። ግብር ማሳወቂያው በሚያበቃበት በጥቅምት 30 ዋዜማ ሳይሆን አሁን፣ ደረሰኝ ያለው ሻጭ ፈልግ፤ በኩቢክ ትንሽ ቢወደድም ደምረህ እየው።

የአይሱዙው ባለቤት እንደገና፦ «መኪናው በባንክ ብድር ተይዟል። ስሙን ማዛወር እችላለሁ?»

ባንኩ ካልፈቀደ አይሆንም። ቢፈቅድም ብድሩን ለማኅበሩ ሲያዞር የአንተን የግል ዋስትና ወይም ቤትህን በመያዣ መጠየቁ አይቀርም። ያን ከፈረምክ በብድሩ በኩል ቤትህ ተመልሶ ገባ፤ በአደጋው በኩል ግን ጥበቃው ይቆያል። ባንኩ ምን እንደሚጠይቅህ በጽሑፍ ተቀበልና አምጣልኝ፣ አብረን እናየዋለን።