ሲግናሉ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ግን ቆራጣ

«በስልክ አፕ ቤቱን እየዞርኩ ዋይፋዩን ለካሁ። ወጥ ቤት -55 ይላል፣ ግን ቪዲዮ ይቆራረጣል። መኝታ ቤት -74 ሆኖ ይሻላል። አፑ ተሳስቶ ነው?»

አልተሳሳተም ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። ያየኸው ቁጥር የሲግናሉ ጉልበት ነው፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ይበረታል። ዋናው ነገር ከኖይዙ፣ ማለትም አየሩ ላይ ካለው ረብሻ፣ ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። መኝታ ቤት ኖይዙ -95 ቢሆን ልዩነቱ 21 ነው፤ ቪዲዮ ያሳያል። ወጥ ቤት ኖይዙ -65 ከደረሰ ግን ያ ጎበዝ -55 በ10 ብቻ ይበልጣል።

ችግሩ አንድሮይድ ለአፖች ሲግናሉን እንጂ ኖይዙን አይሰጥም። አፑ «ኖይዝ» ብሎ ቢያሳይህም በግምት ነው። ማክ ላፕቶፕ ካለህ Option ተጭነህ የዋይፋይ ምልክቱን ንካ፤ ሲግናሉ RSSI፣ ኖይዙ Noise ተብለው ለየብቻ ይወጣሉ። ከሌለህ በማንኛውም ላፕቶፕ ወጥ ቤት ቆመህ ራውተሩን ፒንግ አድርግ (የራውተርህ አድራሻ ሌላ ከሆነ እሱን ጻፍ)፦

```
ping 192.168.1.1
```

እኔ ቤት 4 ሚሊሰከንድ የነበረው የራውተሩ የመልስ ጊዜ፣ ወጥ ለማሞቅ ማይክሮዌቭ ስንከፍት 300 ይገባ ነበር። የሲግናሉ ቁጥር ንቅንቅ አላለም! ማይክሮዌቭና 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አንድ ሰፈር ናቸው። አንተም ከፍተህ፣ ዘግተህ አወዳድር። ለውጥ ካየህ ስልኩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙረው። ካላየህ ደግሞ የጎረቤት ዋይፋይ ያንኑ ቻናል አጨናንቆት ሊሆን ይችላል፤ ያንን አፑም ያሳይሃል።

ደግሞ ስትለካ አትሩጥ። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ አፕ በ2 ደቂቃ ከ4 ጊዜ በላይ ስካን ማድረግ አይፈቀድለትም። እየተራመድክ ከሆነ የሳሎኑን ቁጥር ኮሪደር ላይ ልታነብ ትችላለህ። አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆም በል።