የዲስቻርጅ ወረቀት ፎቶ ሲላክላችሁ፦ የቱን መተርጎም፣ የቱን መጠየቅ

ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው ቤት ውስጥ "አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ" "አንቺ ተምረሻል" እየተባላችሁ የሆስፒታል ወረቀት ፎቶ ለሚላክላችሁ ነው። እኔ ከ30 ዓመት በላይ የህክምና ወረቀት ስተረጉም ነው የኖርኩት፣ ሐኪም ግን አይደለሁም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ሲሳሳት ያየሁት ረጅሙ የበሽታ ስም ላይ ሳይሆን ሁለትና ሶስት ፊደል ላይ ነው።

አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። አንድ ልጅ እናቱ ከሆስፒታል በወጡበት ቀን ማታ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦

```
Dx: CHF, R/O PE
D/C meds:
Furosemide 40 mg PO OD
Paracetamol 1 g PO PRN
D/C Enalapril
F/U 2/52 + RFT
```

ቀላሉን እናስቀድም። Dx ማለት የተገኘው ወይም የተጠረጠረው በሽታ ነው፣ CHF የልብ ድካም፣ PO በአፍ የሚወሰድ፣ F/U ለክትትል ተመለሱ፣ RFT የኩላሊት ስራ የሚታይበት የደም ምርመራ። 2/52 ደግሞ ቀን ይመስላል ግን አይደለም፣ ዓመት 52 ሳምንት ስላለው ከታች 52 ሲጻፍ ሳምንት ማለት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሳምንት። ከታች 7 ከሆነ ቀን ነው፣ 12 ከሆነ ወር። እነዚህን መተርጎም ትችላላችሁ፣ ማንንም አይጎዳም።

OD ላይ ትንሽ ቆም በሉ። እዚህ ወረቀት ላይ በቀን አንዴ ማለት ነው፣ ይሄን የምለው ግን ከፊቱ PO ስላለ ነው። መድሃኒቱ የዓይን ጠብታ ቢሆን ኖሮ ያው OD ቀኝ ዓይን ይሆን ነበር። በቀን አንዴን QD ወይም Q.D. ብለው የሚጽፉም አሉ፣ በእጅ ሲጻፍ መሃል ላይ ያለችው ነጥብ I ትመስልና QID ተብሎ ይነበባል፣ እሱ ደግሞ በቀን አራቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚገመግመው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው "አትጠቀሙባቸው" ዝርዝር ውስጥ QD የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ግን አሁንም ይጽፈዋል።

አሁን ወደ D/C እንምጣ፣ እኔ ራሴ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። D/C ሁለት ትርጉም አለው፣ አንዱ ከሆስፒታል መውጣት፣ ሌላው መድሃኒት ማቋረጥ። ርዕሱ ላይ D/C meds ሲል "ሲወጡ የሚወስዷቸው መድሃኒቶች" ነው፣ እሱ ግልጽ ነው፣ ታች ወርጄ D/C Enalapril ሳይም ያንኑ ትርጉም ይዤ ቀጠልኩና ኢናላፕሪልን ሲወጡ ከሚወስዱት ጋር ደርድሬ ላክሁለት። ልጁ ግን አስተዋይ ነበር፣ የመድሃኒቱን ከረጢት ከፍቶ ቆጠረና ደወለልኝ፣ "የጻፉልኝ ሶስት ነው፣ የተሰጠን ሁለት ነው፣ ኢናላፕሪል የለም፣ ድሮ የምትወስደው ግን ቤት አለ፣ እሱን ትቀጥል?" አለኝ። ፎቶውን መልሼ ሳየው ያ መስመር ስንት ይወሰድ፣ እንዴት ይወሰድ የሚል ነገር የለውም፣ ሌሎቹ ግን አላቸው። "ይቁም" ለማለት የተጻፈ መስመር መጠን አያስፈልገውማ። እንዲህ አይነት ምልክት አለ ማለት ነው፣ መጠን የሌለው መስመር ከተሰጠው ከረጢት ጋር ካልገጠመ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ግን እዚህም ላይ "ይቁም ነው" ብዬ አልነገርኩትም። ይመስለኝ ነበር፣ በጣም ይመስለኝ ነበር፣ ይሁን እንጂ ፊደሉ ሁለት ነገር የሚል ከሆነና የምመርጠው ትርጉም ሰውየው የሚውጠውን ነገር የሚቀይር ከሆነ ምርጫው የኔ አይደለም። "ወረቀቱ ላይ ያለችውን የዋርድ ስልክ ደውልና ኢናላፕሪል ይቁም ማለት ነው ወይስ ይቀጥል፣ ይቁም ከሆነስ እስከመቼ ብለህ ጠይቅ፣ መልሱን እስክታገኝ የድሮውን አትስጣት" ብዬ ልል ነበር፣ የመጨረሻዋን እንኳን ዋጥኳት፣ እሷም የሐኪም ናትና። "ከሚቀጥለው የመድሃኒት ሰዓት በፊት አሁኑኑ ደውል" አልኩት።

R/O PE ደግሞ ቤተሰብ የሚያስለቅስ ነው። PE ሳንባ ደም ስር ውስጥ የገባ የረጋ ደም ነው (ሌላ ወረቀት ላይ አካላዊ ምርመራም ሊሆን ይችላል፣ በበሽታ ስም ስር ስለተጻፈ ነው እንዲህ ያነበብኩት)፣ R/O ደግሞ "እንዳለ ወይም እንደሌለ ተጣርቶ ይለይ" ነው። ልጁ ጉግል አድርጎ እናቴ ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቷል ብሎ እህቶቹን ሁሉ አስደንግጧል። ወረቀቱ ያንን አይልም፣ ግን ተጣርቶ የለም ተብሏልም አይልም። ምርመራው ተሰርቶ ይሁን ገና ይሰራ ከፊደሉ አይታወቅም። ስለዚህ "መኖር አለመኖሩ እንዲጣራ የተባለ" ብላችሁ ጻፉ፣ ከጎኑ "ተጣርቷል ወይ? ውጤቱስ?" የሚል ጥያቄ አስቀምጡ። ጥርጣሬውን እንደ ጥርጣሬ ተዉት።

PRN እንደ አስፈላጊነቱ ማለት ነው፣ ትርጉሙ አለቀ። ግን ሲያም ስንቴ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ቢበዛ ስንት? ይሄ መስመር ላይ የለም፣ እናንተም ከራሳችሁ አትሙሉት። 1 g የሚለውንም "ሁለት ፍሬ" አትበሉ፣ አንዱ እሽግ 500 ሚሊግራም ነው፣ ሌላው ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ግራም ካለ አንድ ግራም ጻፉ፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ ፋርማሲስቱ እሽጉን እያየ ይናገር።

ፎቶውንም አትመኑት። የወረቀቱ እጥፋት ነጥብ ይበላል፣ 2.5 የነበረው 25 ይሆናል። ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ እንደ ፋይል ላኩልኝ በሉ፣ አራቱም ጠርዝ ይታይ፣ ጀርባውም ይነሳ። ጥርት ብሎ ካልታየ "አልተነበበም" ብላችሁ ጻፉ እንጂ በግምት አትሙሉት። ሰውየው ትንፋሽ እያጠረው ወይም እየባሰበት ከሆነ ደግሞ ትርጉሙ ይቆይ፣ ወደ ህክምና ይሂድ።

ልጁ ያን ማታ ደወለ፣ ተረኛዋ ነርስ ፋይሉን አውጥታ አየችለት። ኢናላፕሪሉ የቆመ ነው፣ በሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ የኩላሊት ውጤት ታይቶ ሐኪሙ ይወስናል አለችው። የደም መርጋቱም ሳይወጡ በፊት በምርመራ ተጣርቶ የለም ተብሎ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ሳይስተካከል የቀረ ነው። እኔም ትርጉሙን አስተካክዬ ኢናላፕሪል የሚለውን መስመር ለብቻው "ቆሟል፣ በስልክ ተጠይቆ የተረጋገጠ" ብዬ ቀኑን ጽፌ ላክሁለት፣ እሱም የድሮውን ፓኬት ከእናቱ መድሃኒት መሃል አወጣው።