ሁለት ሲም በአንድ ቀፎ፦ የአንድ የስልክ ጥገና ባለሙያ መልሶች

ከመርካቶ የጠየቁ ነጋዴ፦ በ09 ቁጥሬ እያወራሁ በ07 የሚደውሉልኝ ደንበኞች «ስልክህ ዝግ ነው» ይሉኛል። ስልኩ ግን ክፍት ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

ቀፎው ደኅና ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ቀፎ የሚይዝ ሰው በዝቷል፤ ጥያቄውም በየጊዜው ይመጣል። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች ከኔትወርክ ጋር የሚገናኙበት ክፍል አንድ ብቻ ነው። ማንም ሳይደውል ይህ ክፍል ጊዜውን ለሁለቱ መስመሮች እያካፈለ ስለሚያዳምጥ ሁለቱም ክፍት ናቸው። አንደኛው መስመር ጥሪ ሲጀምር ግን ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ይውላል፤ ሌላው ኔትወርክ ሲጣራ መልስ አያገኝምና ለደዋዩ «ደንበኛው ሊገኝ አይችልም» የሚል መልእክት ያሰማል። ንግግርዎን ሲጨርሱ ሁለተኛው መስመር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይመለሳል። ጥሪው በ4ጂ ላይ የሚካሄድ ከሆነ ሁለተኛው መስመር ክፍት ሆኖ የሚቆይባቸው ስልኮችም አሉ፤ ይህ ግን በቀፎውም በኔትወርኩም ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለቱም ሲሞች ላይ **21*ቁጥር# ብለው ጥሪውን ወደ ሌላኛው ያዙሩ።

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ኮዱ ግን ለዚህ አይሆንም። በ21 የተዞረ መስመር ጥሪውን ሁሉ ያሳልፋል እንጂ ራሱ ፈጽሞ አይጠራም፤ ሁለቱም እርስ በርስ ቢዞሩማ ደዋዩ መግቢያ ያጣል። የሚያስፈልገው መስመሩ ሊገኝ በማይችልበት ጊዜ ብቻ የሚያዞረው ነው። ከ09 ሲም የ07 ቁጥርን፣ ከ07 ሲም ደግሞ የ09 ቁጥርን በማስገባት እንዲህ ይደውሉ፦

```
**62*ቁጥር#
*43#
```

ሁለተኛው ኮድ እያወሩ ሳለ የሚመጣን ሌላ ጥሪ የሚያሰማው ነው፤ በሁለቱም ሲሞች ላይ ያብሩት። ያለ እርሱ የተዞረው ጥሪ የተያዘ መስመር ላይ ወድቆ ይቀራል። ከዚያ በ09 እያወሩ ሰው በሌላ ስልክ በ07 ይደውልልዎትና ይፈትኑት፤ ለተዞረው ጥሪ ከእርስዎ ሒሳብ ሊቆረጥ ስለሚችልም ቀሪ ሒሳብዎን ከሙከራው በፊትና በኋላ ያስተያዩ። ማጥፊያው ##62# ነው።

ተማሪ ከባሕር ዳር፦ የሁለቱንም ሲም ዳታ አብርቼ ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ እችላለሁ?

አይቻልም። ሁለቱም ሲሞች ጥቅል ቢኖራቸውም ስልኩ በአንድ ጊዜ ዳታ የሚያወርደው በመረጡት በአንዱ ብቻ ነው። በቆዩ ቀፎዎች ሁለተኛው ማስገቢያ ከ2ጂ አያልፍም ነበርና «ኢንተርኔት በሲም 1 ብቻ ነው» የሚለው አባባል ከዚያ የቀረ ነው፤ አሁን በብዙዎቹ ሁለቱም 4ጂ ይይዛሉ፣ ምርጫውም ሲም ሳይነቀል በሴቲንግ ውስጥ ይለወጣል። ዳታ በ07 ላይ ሆኖ በ09 ሲያወሩ ግን ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል። በአይፎን Allow Cellular Data Switching፣ በሳምሰንግ ደግሞ Auto data switching የሚለው ለዚህ የተሠራ ነው፤ ዳታውን ለጊዜው ወደሚያወሩበት ሲም ያሻግራል። በዚያ ሲም ላይ ጥቅል ከሌለዎት ግን አያብሩት፤ ፍጆታው ከዋናው ሒሳብ ሊቆረጥ ይችላል።

እናት ከሐዋሳ፦ ሻጩ «ሁለት ሲምና ሚሞሪ ይይዛል» ብሎኝ ነበር። ሦስቱ አብረው አልገቡም።

ሃይብሪድ የሚባለው ማስገቢያ ነው፤ ሁለተኛው ቦታ ሲም ወይም ሚሞሪ እንጂ ሁለቱንም በአንድ ላይ አይቀበልም። «ይይዛል» ያለው ሰው «ወይም» የምትለዋን ቃል ዋጣት። ከመግዛትዎ በፊት ትሬዩን አውጥተው ይዩ፤ ሦስት የተለያዩ ጎድጓዳ ቦታዎች ካሉት ሦስቱም ይገባሉ፣ ሁለት ብቻ ሆነው በአንዱ ላይ የሲምና የሚሞሪ ቅርፅ ከተደራረበ ሃይብሪድ ነው። በ*#06# ሁለት የአይኤምኢአይ ቁጥር መምጣቱ ስልኩ ሁለት መስመር እንደሚይዝ እንጂ ስለ ሚሞሪው የሚነግርዎት ነገር የለም። የሲሙን ቺፕ በሙቀት ልጦ ሚሞሪው ላይ የሚለጥፍ ሰው ካገኙ እሺ አይበሉት። አንዳንዴ ይሠራል፤ ነገር ግን ውፍረቱ ስለሚጨምር ሲወጣ የውስጡን ጥርሶች አጣምሞ የሚመጣ ቀፎ ብዙ ጊዜ እጄ ይገባል።

ከዱባይ፦ እኔስ? የባንክ መልእክት የሚመጣልኝ በአገር ቤት ሲሜ ነው።

ጥያቄዎ ስለ ሮሚንግ ነው፤ ሁለት ሲም መያዙ ግን ያግዝዎታል። የአገር ቤቱን ሲም ሮሚንግ አስከፍተው በሁለተኛው ማስገቢያ ያኑሩት፣ ዳታውንና ወጪ ጥሪውን ለዱባዩ መስመር ይስጡ፣ የአገር ቤቱን የዳታ ሮሚንግ ይዝጉ። በእርሱ የሚደወልልዎትን ጥሪ ካነሱ ክፍያ አለበት።

ስሙን ያልጻፈ፦ የእኔ ስልክ ግን በአንዱ እያወራሁ በሌላው ሲደወል ይጠራል። ያልከው ስህተት ነው።

ስህተት ነው ከማለትዎ በፊት ከሁለቱም ሲሞች *#62# ደውለው ያሳዩን፤ ቀድሞ የተዞረ ቁጥር ካለ ምክንያቱ ይገኛል። ከሌለ ቀፎዎ ሁለቱን መስመሮች በእውነት በአንድ ጊዜ ከሚያንቀሳቅሱት አንዱ ነው፣ ወይም ጥሪዎ በ4ጂ ላይ ነበር። የስልኩን ሞዴል ካልጻፉልን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።