የቤተ ክርስቲያን ደረሰኝ በታክስ ላይ ውድቅ ሲደረግ

ጥያቄ፦ «ሰላም ወገኖች። እኔና ባለቤቴ የ2023 ታክስ ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠነውን ቀንሰን ነበር። አይ.አር.ኤስ ደረሰኙን አልቀበልም ብሎ አሁን የ90 ቀን ደብዳቤ ልኮልናል። ገንዘብ ያዡ አዲስ ደብዳቤ ልጻፍላችሁና እሱን ላኩላቸው ይላል። ይግባኝ የሚባለው በዚህ ነው? የትስ ነው የሚኬደው?»

መልስ፦ ዛሬ የሚጻፍ ደብዳቤ የ2023ን ነገር አያድንም። በአንድ ጊዜ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሰጣችሁት ስጦታ ከታክስ እንዲቀነስ ከተቀባዩ የተጻፈ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ያ ማረጋገጫ ደግሞ ታክሱን ፋይል ባደረጋችሁበት ቀን እጃችሁ ላይ መኖር ነበረበት። ፋይል ያደረጋችሁት ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ከሆነ የሚቆጠረው ቀነ ገደቡ ነው። ማርች 10 ቀን 2024 ፋይል ካደረጋችሁ፣ ማርች 11 የደረሳችሁ ደብዳቤ ዘግይቷል። ገንዘቡን በእርግጥ መስጠታችሁን ማንም ባይጠራጠር እንኳ ይህ አይለወጥም።

የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የገንዘቡ መጠን አለ፣ ማኅተም አለ፣ ቡራኬም አለ። የሌለው «በምላሹ ምንም ዕቃ ወይም አገልግሎት አልተሰጠም» የሚለው ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የሰጠችው መንፈሳዊ አገልግሎት ብቻ ከሆነ እሱንም በጽሑፍ መግለጽ አለባት። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ፎርም 886-ኤ የሚለውን ገጽ አንብቡት፤ ለምን እንዳልተቀበሉት የሚነገራችሁ እዚያ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚከፈለውን ድምር አይቶ ይደነግጥና ይህን ገጽ ይዘለዋል።

ፍርድ ቤት ሄደን እናስረዳለን፣ ዳኛ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። የታክስ ፍርድ ቤቱ በ2012 የዱርደን ባልና ሚስትን ጉዳይ የወሰነበትን እዩ። ለቤተ ክርስቲያናቸው የሰጡት ገንዘብ 22,517 ዶላር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በጊዜው ነበራቸው፣ የቼክ ቅጂም ነበራቸው። ደብዳቤው ግን በምላሹ ስለተሰጠ ነገር ምንም አይልም። አይ.አር.ኤስ አልቀበልም ሲላቸው በ2009 ዓረፍተ ነገሩ የተጨመረበት ሁለተኛ ደብዳቤ አመጡ። ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ጎደሎ ነው፣ ሁለተኛው ዘግይቷል ብሎ ፈረደባቸው። ገንዘብ ያዡ ሊጽፍላችሁ የሚፈልገው ይህን ሁለተኛ ደብዳቤ ነው። በቅንነት «ቀኑን ጃንዋሪ 2024 ላድርገው» ቢላችሁ ደግሞ በፍጹም እሺ እንዳትሉ። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ወንጀል ነው። የታክስ ክርክር የነበረውን እናንተንም ሰበካ ጉባኤውንም ወደሚያስከስስ ጉዳይ ይለውጠዋል።

እንግዲህ የሚሠራው ይኸው ነው፦

1. የ90 ቀኑን ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ አውጡና አቤቱታ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ተብሎ የተጻፈውን ቀን አክብቡት። ያ ቀን አይራዘምም። ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው፤ ለኦዲተሩ ደረሰኝ በፋክስ እየላከ፣ በስልክ «ደርሶናል፣ እየታየ ነው» እየተባለ 90 ቀኑ ያልቅበታል። ለኦዲተሩ ሰነድ መላክ ይቻላል፣ ቀኑን ግን አያቆመውም። በስልክ የሚያናግራችሁ ሰው ምንም ያህል ትሁት ቢሆን ያንን ቀን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። የሚያቆመው ለአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት የቀረበ አቤቱታ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ የአይ.አር.ኤስ ክፍል አይደለም፤ አቤቱታውን ለአይ.አር.ኤስ ብትልኩት እንዳላቀረባችሁ ይቆጠራል።

አቤቱታው የሚገባው በ dawson.ustaxcourt.gov ነው። ክፍያው 60 ዶላር ሲሆን አቅም ለሌለው ማስቀሪያ ማመልከቻ አለ። የተጠየቃችሁትን ታክስ አስቀድማችሁ መክፈል የለባችሁም፤ ወለዱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። የሚያከራክረው ገንዘብ በዓመት 50,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ «አነስተኛ የታክስ ጉዳይ» የሚለውን ምረጡ። ሥነ ሥርዓቱ ቀለል ይላል፣ ብትሸነፉ ግን ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። ታክሱን በጋራ ስላስገባችሁ ሁለታችሁም ስማችሁን አስገቡ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አቤቱታው ላይ አይጻፍም፣ ለብቻው የሚሞላበት ፎርም 4 አለ። የአቤቱታው ጽሑፍ ረጅም መሆን የለበትም። የትኛውን ገንዘብ በስህተት እንደከለከሏችሁና ምን ማስረጃ እንዳላችሁ በቁጥር ጻፉ፤ ስለ ሃይማኖታችሁ መጻፍ አይጠቅምም።

2. ቀጥሎ የሰጣችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ገንዘብ የሚመለሰው ከዚህ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ድምሩን ይዞ ብቻ ይከራከራል። የ250 ዶላሩ ሕግ የሚያየው እያንዳንዱን ስጦታ ለየብቻው እንጂ የዓመቱን ድምር አይደለም። ከ250 በታች ለሆነ ስጦታ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና መጠኑ ያለበት የባንክ ማስረጃ ይበቃል።

7,800 ዶላር የቀነሱ ባልና ሚስት እንውሰድ። በየወሩ 300 ዶላር አሥራት በዜል ልከዋል፣ 3,600። 40 እሑዶች የ50 ዶላር ቼክ ጽፈዋል፣ 2,000። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ በካሽ የጣሉት 700 ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ የእራት ምሽት 500 ከፍለዋል። ለታመመ ሰው በጎፈንድሚ 1,000 ሰጥተዋል። አይ.አር.ኤስ ሁሉንም በአንድ ላይ ጣለው፤ በ22 በመቶ የታክስ እርከናቸው ሲሰላ 1,716 ዶላር ታክስ ነው።

2,000ው ይመለሳል። እያንዳንዱ ቼክ 50 ዶላር ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኗ ደብዳቤ ጎደሎ መሆኑ አያገባውም። 40ዎቹን ቼኮች ከባንክ አውርዶ በቀን ቅደም ተከተል ከአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ጋር ማቅረብ ነው። የተበተነ ፎቶ የሚልክ ሰው ኦዲተሩ እንዲደምርለት እየጠበቀ ነው፣ ኦዲተር ደግሞ አይደምርለትም።

3,600ው በደብዳቤው ቀን ላይ ይንጠለጠላል። ተስፋ የሚቆረጠው ግን ኢሜይል ከተፈተሸ በኋላ ነው። ሕጉ የተወሰነ ፎርም አይጠይቅም፤ ለእያንዳንዱ ስጦታ የተለየ ወረቀትም አይፈልግም። ጃንዋሪ ላይ በኢሜይል የተላከ የዓመት መግለጫ ወይም የመስጫ መተግበሪያው ራሱ ያወጣው ዝርዝር የጎደለችውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከታች በትንንሽ ፊደል። ዋናው ሰነዱ በጊዜው እንደደረሳችሁ ማሳየት ነው፣ ስለዚህ ኢሜይሉን ቀኑ ከሚታይበት ራስጌ ጋር አትሙት።

ከእራቱ 500 ውስጥ የምግቡ ዋጋ ይወጣል። ምግቡ 100 ዶላር ከሆነ የሚቀነሰው 400 ነው፣ እሱም ግምቱን የሚገልጽ ወረቀት በጊዜው ካለ። የሙዳየ ምጽዋቱን 700 ተዉት፣ ያለ ማስረጃ የተጣለ ካሽ አይቆጠርም። ለግለሰብ የተሰጠው 1,000ም በጎ ሥራ ነው እንጂ ከታክስ የሚቀነስ ስጦታ አይደለም። ኢትዮጵያ ላለ ገዳም በቀጥታ የተላከም እንደዚሁ ነው። 700ውንና 1,000ውን ራሳችሁ ብትተዉ የቀረው ክርክራችሁ ክብደት ያገኛል። ወረቀቱ ሁሉ ከተገኘ 6,000 ይመለሳል፣ ይህም 1,320 ዶላር ታክስ ነው። ቼኮቹ ብቻ ከጸኑ 2,000፣ ማለትም 440 ዶላር።

3. እንደ ሦስተኛ ነጥብ ልጽፈው ያሰብኩት ስለ ዜል ነው፣ ግን ከላይ ካለው ጋር ይያያዛል። የባንክ ማስረጃው ላይ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኗ ስም መሆን አለበት። በእኛ ዘንድ ዜሉ የገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ቁጥር ላይ ሲገባ ኖሯል፤ መግለጫው የሚያሳየው የእሱን ስም ነው፣ ለኦዲተሩ ደግሞ ለጓደኛ ከተላከ ገንዘብ አይለይም። እንዲህ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኗ ያኔውኑ የሰጠችውን ደረሰኝ ፈልጉ።

ውድቅ ያደረጉበት ምክንያት ቤተ ክርስቲያኗ አይ.አር.ኤስ ድረ ገጽ ላይ ካለው የድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ አለመገኘቷ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ክርክሩም ጠንካራ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ከታክስ ነጻ ለመሆን ማመልከቻ የማስገባት ግዴታ የለባቸውም፣ ስለዚህ ስሟ አለመኖሩ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። የተመዘገበችበትን የስቴት ወረቀትና መተዳደሪያ ደንቧን አያይዙ። ይህ የሚሠራው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዕድር ወይም የአገር ልጆች ማኅበር በዚህ አያመልጥም።

አቤቱታው ከገባ በኋላ ዳኛ ፊት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አይ.አር.ኤስ የይግባኝ ክፍል ይመራል፣ ንግግሩም በስልክ ነው። ያ ክፍል ከኦዲተሩ የሚለየው ፍርድ ቤት ቢኬድ ማን ሊያሸንፍ ይችላል የሚለውን መዝኖ መስማማት ስለሚችል ነው። ሰንጠረዡን የምታቀርቡት እዚያ ነው። አብሮም ስሌታቸውን ፈትሹ፤ ስጦታው ሲወጣ የቀሩት ዝርዝር ወጪዎቻችሁ ከስታንዳርድ ዲደክሽን በታች ከወረዱ ስታንዳርዱን ሊሰጧችሁ ይገባል። በ2023 በጋራ ፋይል ለሚያደርጉ ባልና ሚስት 27,700 ዶላር ነበር። 20 በመቶ ቅጣት ተጨምሮ ከሆነም እሱን ለይታችሁ ተከራከሩ፤ በቅን ልቦና የሠራ ሰው ዋናውን ታክስ ቢሸነፍ እንኳ ቅጣቱ ሊነሳለት ይችላል።

ይህን የምታነቡ ሌሎች ገና ከ90 ቀኑ በፊት የሚመጣው የ30 ቀን ደብዳቤ ላይ ካላችሁ መንገዱ ያጥራል። ታክሱና ቅጣቱ በዓመት ከ25,000 ዶላር ካልበለጠ ፎርም 12203 ሞልታችሁ ደብዳቤውን ወደጻፈላችሁ አድራሻ ትልካላችሁ፣ እነሱ ወደ ይግባኝ ክፍል ያስተላልፉታል። የ90 ቀኑ ያለፈበት ሰው ደግሞ፣ ታክሱ ካልተከፈለና ከዚህ በፊት ያልታየ ማስረጃ ካለው፣ ኦዲቱ እንደገና እንዲታይለት በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ክፍያ የለም፣ ነገር ግን በፍርድ ቤት እንደ ቀረበ አቤቱታ ገንዘብ መሰብሰባቸውን አያግድም።