መልስ፦ ውርወራን ያለ ሜትር እንዴት ልመዝን?

«የ3ኛ ክፍል ተማሪዎቼን የኳስ ውርወራ በሜትር እየለካሁ ነው ውጤት የምሰጠው። ሁሌም ግዙፎቹ ይበልጣሉ። ሌላ መመዘኛ አለ?»

አለ፣ አወራወሩን መዝን። ቲጂኤምዲ-2 የሚባለው የልጆች እንቅስቃሴ መለኪያ 4 ነገር ያያል። ክንዱ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ወደ ኋላ ይዞራል? ዳሌና ትከሻው ዞሮ የማይወረውርበት ጎን ኳሱ ከሚወረወርበት ግድግዳ ፊት ለፊት ይሆናል? ከሚወረውርበት እጅ ተቃራኒ ያለው እግር ይራመዳል? ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ እጁ ሰውነቱን አቋርጦ ወደ ሌላው ጎን ይወርዳል? ከታየ 1፣ ካልታየ 0። ሁለት ጊዜ ስለሚወረውር ከ8 ይታሰባል።

አንድ ግዙፍ ልጅ 18 ሜትር ወረወረ እንበል። በቀኝ እጁ እየወረወረ የሚራመደው በቀኝ እግሩ ነው፣ ትከሻውም አልዞረም። በሁለቱም ሙከራ እንዲህ ከሆነ 4 ያገኛል። 12 ሜትር የወረወረችው ትንሿ ልጅ ግን የጎደላት የእጁ ማቋረጥ ብቻ ከሆነ 6 አላት። ሜትሩ የነገረህ የጉልበት ልዩነትን ነው፤ ነጥቡ ግን ነገ ለልጁ የምታስተምረውን ይነግርሃል፦ የግራ እግሩን እርምጃ። መሬት ላይ በጠመኔ የእግር ምልክት አድርግለት።

ጠባብ ዒላማ ግን አትስጣቸው። ልጆች ለመምታት ሲጠነቀቁ ቀስ ብለው ይወረውራሉ፣ እርምጃውና መዞሩም ይጠፋል፤ የሚችለውን ልጅ አይችልም ብለህ ትመዘግባለህ። ከግድግዳ 6 ሜትር ያህል አቁመህ «በኃይል ወርውር» በለው። አንተ በሚወረውርበት እጅ በኩል ቁም። አራቱንም ባንዴ ማየት ከከበደህ በስልክ ቅረጽና ፍጥነቱን ቀንሰህ ተመልከት። ርቀቱንም ከጎኑ መዝግበው፣ እድገቱን ከራሱ ጋር ለማወዳደር ይጠቅማል።