0.102 ሚሊ ሊትር ወጣልኝ፣ ምን ላድርገው?

«ሰላም ባልደረቦቼ። 3ኛ ቀኑን የያዘ 1.36 ኪሎ ልጅ አለን። ጀንታማይሲን በኪሎ 3 ሚሊግራም በቀን አንዴ ታዞለታል። ያለን አምፑል 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነው። ሂሳቡ 0.102 ሚሊ ሊትር ወጣልኝ። 0.1 ብዬ ብሰጠው ችግር አለው? እስከ ስንት ድረስ ማጠጋጋት ይቻላል?»

እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ ችግር የለውም። የታዘዘው 4.08 ሚሊግራም ነው፣ 0.1 ሚሊ ሊትር ደግሞ 4 ሚሊግራም ይዟል። ልዩነቱ 2 ከመቶ ብቻ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሲሪንጁ ላይ ነው።

ባለ 1 ሚሊ ሊትሩን ሲሪንጅ እይው። የአንዷ ጭረት ልክ 0.01 ሚሊ ሊትር ነው። መድኃኒቱ ሳይቀጠን ከሆነ አንድ ጭረት ማለት 0.4 ሚሊግራም ነው፣ ከዚህ ልጅ ዶዝ 10 ከመቶ። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ እያየሽ አንድ ጭረት መሳት በቀላሉ የሚያጋጥም ነው፣ ማንም ይስታል። ባለ 2 ሚሊ ሊትሩንማ ተዪው። እሱ ብዙ ጊዜ ጭረቱ በ0.1 ስለሆነ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ መዝለል ዶዙን እጥፍ ማድረግ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን የማይታየው ነው። ሲሪንጁ ጫፍና መርፌው ውስጥ ጭረቱ የማይቆጥረው መድኃኒት ይቀራል። እንደ ሲሪንጁና መርፌው ዓይነት ይለያያል፣ 0.07 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። 0.1 ቀድተሽ ብቻውን ከገፋሽው ጫፉ ላይ ያለው እዚያው ይቀራል፣ ዶዙም ልክ ነው። ብዙዎቻችን ግን «ትንሽ ነው፣ ላብዛው» ብለን እዚያው ሲሪንጅ ውስጥ ሳላይን እንስባለን። ያኔ ጫፉ ላይ የነበረው አብሮ ይገባና ልጁ የሚያገኘው 0.17 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ 6.8 ሚሊግራም ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም። በ3 ታዞ 5 ተሰጠ ማለት ነው። ካርዱ ላይ ግን 0.1 ተብሎ ስለተጻፈ ማንም አያውቅም። ጀንታማይሲን ኩላሊትና ጆሮ የሚነካ መድኃኒት ስለሆነ ይህን ቀላል አትበይው።

ስለዚህ መጀመሪያ አቅጥኚ፣ ከዚያ ለኪ። በባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትሩን ቅጂ፣ ሳላይን እስከ 8 ሚሊ ሊትር ሳቢበት። ትንሽ አየር አስገቢና ደጋግመሽ ገልብጠሽ አዋህጂው፣ ካልሆነ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጠብታ እኩል አይሆኑም። አሁን 1 ሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊግራም ይዟል። እዚህ ላይ ጫፉ ውስጥ ያለው ትርፍ ከ2 ሚሊ ሊትር ጋር ሲነጻጸር ከ3 እስከ 4 ከመቶ ነው፣ ይቻላል።

4.08 ለ10 ሲካፈል 0.408 ይመጣል፤ በንጹሕ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 0.41 ለኪ። ወደኋላ መልሰሽ አስይው፦ 0.41 ማለት 4.1 ሚሊግራም ነው፣ ለ1.36 ሲካፈል በኪሎ 3.01። አንድ ጭረት ብትስቺ እንኳ የሚበላሸው 2.5 ከመቶ ገደማ ነው። ካኑላውን በሳላይን የምታጥቢው በሌላ ሲሪንጅ ይሁን፣ ምክንያቱም ያ 0.07 እዚህም 0.7 ሚሊግራም ነው። የተረፈውን ድፊው። በጡንቻ የምትወጊ ከሆነ ከዚህ በላይ አታቅጥኚው፣ ለእንዲህ ያለ ልጅ በአንድ ቦታ ከግማሽ ሚሊ ሊትር በላይ ብዙ ነው።

እስከ ስንት ላልሽው፣ እኛ ለጀንታማይሲን ከ5 ከመቶ አናልፍም። ለአምፒሲሊን 10 ብንል ግድ የለም፣ እሱ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ቢርቁ ጀንታን ወደታች እናደርጋለን። የምናጠጋጋውም አንዴ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ፣ ሚሊ ሊትሩን። ክብደቱን 1.4 ብለሽ፣ ዶዙን 4.2 ብለሽ፣ ከዚያ 0.42ን «ግማሽ ትሁን» ካልሽ እያንዳንዷ ቀላል ትመስላለች። የተሰጠው ግን 5 ሚሊግራም ነው፣ ከታዘዘው 23 ከመቶ ያለፈ።

በኢንሱሊን ሲሪንጅ ለመለካት ካሰብሽ ደግሞ ጭረቱን ቁጠሪ። ባለ 100 ዩኒቱ 1 ሚሊ ሊትር ነው፣ ግን ብዙዎቹ ላይ አንዷ ጭረት 2 ዩኒት ናት፣ 0.02 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መርፌው ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ጫፉ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ ያ ጥሩ ጎኑ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ጎንደር ሪፈር ስትልኩልን ካርዱ ላይ «ጀንታ 0.1» ብቻ ተጽፎ ይመጣል። ባለ 20 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር አምፑልም አለ፣ ከዚያኛው 0.1 ማለት 1 ሚሊግራም ነው። ስንት እንደተሰጠው አናውቅም፣ ቀጣዩን መቼና ስንት እንደምንሰጥም ይቸግረናል። «4.1 ሚሊግራም፣ 10 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ከተቀጠነው 0.41 ሚሊ ሊትር» ብለሽ ከነሰዓቱ ጻፊልን።